ኦሮማይን ስትገዙ፦ የ1975ቱ ወይስ ኋላ የታተመው?

ጓደኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ ነው። "አንዱ ጂማ ውስጥ የኦሮማይን የመጀመሪያ እትም 3000 ብር ይላል፣ ልግዛው?" ለማንበብ ከሆነ ኋላ የታተመውን ግዙ፣ ገንዘባችሁም ይተርፋል። ለማስቀመጥ ከሆነ ግን ሽፋኑ የተቀደደም ቢሆን እውነተኛውን የ1975 እትም እመርጣለሁ።

የበዓሉ ግርማ ኦሮማይ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ዋጋው የተሰቀለውም ለዚህ ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላ እንደገና ታትሟል።

ሻጮች ገልጠው የሚያሳዩት "1975" የሚለውን ገጽ ነው። እሱ ብቻውን አይበቃም። ድጋሚ ሲታተም የድሮው ዓመት እንዳለ ሊቀር ይችላል። የእትም ዓመታት ተዘርዝረው ከሆነ በእጃችሁ ያለው የመጨረሻው ነው። ቀጥላችሁ ስልክ ቁጥር ፈልጉ። በ09 የሚጀምር ካለ ነገሩ አለቀ፤ በ1975 ሞባይል አልነበረም።

ክፉው ኮፒው ነው። የድሮውን መጽሐፍ ገጽ በገጽ አንስተው ያትሙታል፣ ዓመቱም አሳታሚውም አብሮ ይገለበጣል። የ"ፀ" እና የ"ው" ክብ በቀለም የተደፈነ ከሆነ ጠርጥሩ። የቀድሞ አንባቢ በእስክሪብቶ ያሰመረበት ገጽ ካለ ደግሞ ጀርባውን በጣት ዳስሱት። እስክሪብቶ ወረቀቱን ይጫነዋል። ጀርባው ልሙጥ ከሆነ መስመሩም አብሮ የታተመ ነው። ለእንዲህ ያለው ከፎቶኮፒ ዋጋ በላይ አትክፈሉ።

የ3000 ብሩን መጽሐፍ አብረን አየነው። እትሙ እውነተኛ ነበር። ግን ጠራዥ ቤት ገብቷል። የድሮው ሽፋን ተጥሎ በጠንካራ ካርቶን ተለብጧል፣ ጠርዙም ስለተከረከመ ኅዳጉ ጠቧል። ሻጩ "አሳምሬ አስጠርዤዋለሁ" ብሎ ዋጋ ጨመረበት። እኔ ዋናው ሽፋን ስለሌለ ግማሹን ቀነስኩ፣ 1500 ቀረ። የጂማ ዝናብ ደግሞ መጽሐፍ አይምርም፤ ከታች በኩል ገጾቹ ተጨማደዋል፣ የሻጋታ ነጠብጣብም አለ። ለዚያ 500 አወረድኩ። የመጨረሻ ቅጠሉ በፕላስተር ተለጥፎ ሙጫው ወረቀቱን አቢጫጭቶታል። ያ አይለቅም፤ ሌላ 200 ቀነስኩ። 800 ብር አልነው፣ እምቢ አለ፣ ትተን ሄድን።

ሻጋታው ደረቅና የቆየ ከሆነ በለስላሳ ብሩሽ ደጅ ላይ ይጠረጋል። ስትከፍቱት እርጥብ ምድር ምድር የሚሸት ከሆነ ግን በነጻ ቢሰጧችሁም ከሌሎች መጻሕፍት ጋር አታስቀምጡት፣ ይጋባል። የተቀደደ ሽፋን ያለው መጽሐፍ ካገኛችሁ ደግሞ አታስጠርዙት። የወደቀችውን ቁራጭ ፖስታ ውስጥ አድርጋችሁ አብራችሁ አቆዩ፤ ነገ ገዢ ሲመጣ የሚከፍላችሁ ለእሷም ጭምር ነው።