የእርካታ ውጤት ወይስ የተከማቸ ጥያቄ?

የደንበኞች ድጋፍ ቡድን በምን ይለካ? አንዱ አማራጭ የደንበኞች እርካታ ውጤት ነው፤ ዘግይቶ የሚናገር መለኪያ። ሌላው መልስ ሳያገኝ የተከማቸ ጥያቄ ነው፤ ቀድሞ የሚጠቁም።

ቡድኑ በቀን 180 ጥያቄ ይዘጋል እንበል። የሚመጣለት ግን 200 ነው። በአምስት ቀን 100 ይከማቻል። አዲስ ደንበኛ ከግማሽ የሥራ ቀን በላይ ወረፋ ይጠብቃል ማለት ነው። የእርካታ መጠይቁ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚላከው ጥያቄው ከተዘጋ በኋላ ነው። ስለዚህ ወረፋ ላይ ሆኖ የሚበሳጨው ሰው ውጤቱ ውስጥ ገና የለም። ሪፖርቱ «ሁሉ ሰላም» ይላል። ውጤቱ መውረድ ሲጀምር ክምችቱ ሰንብቷል።

ታዲያ ክምችቱን ብቻ እንከተል? እዚህም ጣጣ አለ። «ቀንሱ» የሚል ግፊት ሲበዛ ሠራተኛው ችግሩን ሳይፈታ ጥያቄውን ዘግቶ ይገላገላል (ማን ይፈርድበታል?)። ይህ የሚታወቀው ተመልሰው የሚከፈቱ ጥያቄዎች ሲበዙ ነው።

እኔ ለዕለት ተዕለት ሥራ ክምችቱን እመርጣለሁ። በተለይ ከሁሉም የቆየው ጥያቄ ስንት ቀኑ እንደሆነ አያለሁ። እርካታውን በወር አንዴ ለማመሳከሪያ አወጣዋለሁ። ክምችቱ ቀንሶ እርካታው ካልተሻሻለ፣ ወረፋውን ትቶ የተላኩትን መልሶች ቁጭ ብሎ ማንበብ ነው።