ባለ 40 ፈረስ ጉልበት የጀልባ ሞተር፦ ከዓመት በላይ ሠርቼበት በመዝገቤ ላይ ስንት ቀረው?

ሞተሩን የገዛሁት በሐምሌ 2016 መጀመሪያ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ተሳላሚና ጎብኚ አመላልስበታለሁ። አሁን ሁለተኛው የሒሳብ ዓመት እየተገባደደ ስለሆነ ስለ እሱ በደንብ መናገር ይቻላል።

ጉልበቱ ጥሩ ነው። ጀልባው ሞልቶ፣ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ሲናወጥም ይገፋል። የጣና ውሃ ጨው ስለሌለው አካሉ አልተበላም። ደካማ ጎኑ ማቀዝቀዣው ነው። ሲሠራ ከጎኑ ቀጭን ውሃ ይፈነጥቃል፤ ያ ውሃ ከሳሳ ወይም ከተቆራረጠ እምቦጭ ወይም ጭቃ መሳቢያውን ዘግቶታል፣ አለዚያም ውስጥ ሆኖ ውሃውን የሚገፋው ጎማ አልቋል ማለት ነው። ቶሎ ካላጠፋችሁት ይግላል። የእኔ ጎማ አንደኛው ዓመት ሲያልቅ ተቀይሯል።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ግን «አዋጣህ ወይ?» ብሎ ነው። ይህን ለመመለስ የእርጅና ቅናሽን፣ ማለትም የሞተሩ ዋጋ በሚያገለግልባቸው ዓመታት ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ ዓመት የሚደርሰውን ወጪ፣ ማስላት ግድ ነው። ለሞተሩ 560,000 ብር ከፈልኩ፤ ማስመጫና ማስገጠሚያ 40,000 ወጣ። መነሻው ስለዚህ 600,000 ነው፣ ምክንያቱም ሞተሩ ለሥራ እስኪደርስ ያወጣሁት ሁሉ የእሱ ዋጋ ነው። የጎማው መቀየሪያ ግን እዚህ አይገባም፤ እሱ የዓመቱ የጥገና ወጪ ነው። 5 ዓመት እንደሚያገለግለኝና በመጨረሻ 100,000 ብር እንደሚያወጣ ገመትኩ። በ5 ዓመቱ ሥራ ላይ መከፋፈል ያለበት 500,000 ብር ነው ማለት ነው።

ቀጥተኛው ዘዴ ቀላል ነው። 500,000ን ለ5 ታካፍላላችሁ፣ በየዓመቱ 100,000 ብር ወጪ ትይዛላችሁ።

እየቀነሰ የሚሄደው ዘዴ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በ5 ዓመት የቀጥታው መጠን 20 በመቶ ነው፤ እሱን በእጥፍ ወስዳችሁ 40 በመቶውን የምታሰሉት በመዝገብ ላይ በቀረው ዋጋ ነው። የመጨረሻው 100,000 መጀመሪያ ላይ አይቀነስም፣ ከሙሉው 600,000 ትነሳላችሁ። አንደኛው ዓመት 240,000 ይሆንና 360,000 ይቀራል። ሁለተኛው 144,000፣ ቀሪው 216,000። ሦስተኛው 86,400፣ ቀሪው 129,600። አራተኛው ዓመት ላይ 40 በመቶው 51,840 ይመጣል፤ ያንን ብትቀንሱ ግን ከ100,000 በታች ትወርዳላችሁ። ስለዚህ 29,600 ብቻ ይያዛል፣ አምስተኛው ዓመት ምንም የለውም። ድምሩ እዚህም ያው 500,000 ነው። የሚለየው የትኛው ዓመት ምን ያህል ይሸከማል የሚለው ነው።

ለስሌት እንዲቀል በዓመት 400 ጉዞ እንበል። በቀጥተኛው ዘዴ እያንዳንዱ ጉዞ 250 ብር እርጅና አለበት። በሌላው በአንደኛው ዓመት 600፣ በሁለተኛው 360 ብር ነው። ለዚህ ሞተር እኔ እየቀነሰ የሚሄደውን ዘዴ መርጫለሁ። አዲስ ሳለ ብዙ ይሠራል፣ ጥገናም አይጠይቅም። እያረጀ ሲሄድ የመለዋወጫው ወጪ ይጨምራል፣ እርጅናው ደግሞ ይቀንሳል፤ ሁለቱ ሲደመሩ በየዓመቱ የሚቀራረብ ወጪ ይሰጣሉ። በቀጥተኛው ብሄድ ኖሮ አንደኛው ዓመት ያልነበረ ትርፍ ያሳየኝ ነበር። ለብረቱ ጀልባ ግን ቀጥተኛውን ነው የምይዘው፣ እሱ ዓመት ከዓመት እኩል ነው የሚያገለግለኝ። ለግብር ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው፤ የገቢ ግብር ደንብ ቁጥር 410/2009 ሁለቱንም ዘዴ ቢፈቅድም መጠኑን የሚወስነው ራሱ ደንቡ ነው፣ የእኔን 40 በመቶ አይቀበልም።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም ያደናግራል። ሞተሩን በገዛሁ በዚያው ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፣ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋም ተሰቀለ። በቅርቡ አንድ ባለጀልባ ከገዛሁበት ዋጋ በላይ እሰጥሃለሁ ብሎኛል። የእኔ መዝገብ ግን የሚያሳየው ገና 360,000 ነው፣ ሰኔ 30 ላይ ደግሞ ወደ 216,000 ይወርዳል። መዝገቡ አልተሳሳተም። እርጅና የከፈልኩትን ገንዘብ ለሥራ ዓመታቱ ማከፋፈያ እንጂ ገበያው ዛሬ ምን እንደሚከፍል መለኪያ አይደለም። ሞተሩን ብሸጠው ልዩነቱ በሽያጩ ቀን እንደ ትርፍ ይመዘገባል።

ከዚህ የሚከተለው ለባለጀልባ ሁሉ አስፈላጊ ነው። በመዝገብ የተቀነሰው 500,000 ብር የትም ተቀምጦ አይጠብቃችሁም፣ ከኪስ የወጣው ገና በግዢው ቀን ነው። ቢቀመጥ እንኳ በዛሬው ዋጋ አዲስ ሞተር አይገዛም። እኔ ስለዚህ ከየጉዞው ለምትክ የማስቀምጠውን የማሰላው በ600,000 ሳይሆን ሻጮች ዛሬ በሚጠሩት ዋጋ ነው፣ እሱንም በየስድስት ወሩ ጠይቄ አስተካክላለሁ።