የትዕዛዝ መመዝገቢያ ሲስተማችን ከወራት አገልግሎት በኋላ፦ ከሰዓት በኋላ የሚከሰተው ዴድሎክ

ድሬዳዋ በሚገኘው የጅምላ መደብራችን የምንጠቀምበት የትዕዛዝ መመዝገቢያ ሲስተም መረጃውን የሚያስቀምጠው በፖስትግሬስ ዳታቤዝ ነው። ቀኑን ሙሉ ፈጣንና የማያስቸግር ቢሆንም፣ በቀትሩ ሙቀት ተዘግተው የቆዩት ሱቆች እንደገና ሲከፈቱና ባለሱቆቹ በአንድ ጊዜ ማዘዝ ሲጀምሩ፣ አንዳንዱ ትዕዛዝ ሳይመዘገብ ይመለስ ነበር። ያው ትዕዛዝ በድጋሚ ሲላክ ያለ ችግር ስለሚያልፍ፣ ጥርጣሬው ሁሉ ኔትወርኩ ላይ አርፎ ቆየ። የዳታቤዙ ሎግ ግን ሌላ ነገር ይናገራል፦

```
ERROR:  deadlock detected
```

አንድ ባለሱቅ ስኳርና ዘይት፣ ሌላው ደግሞ ዘይትና ስኳር በዚሁ ቅደም ተከተል አዘዙ እንበል። ፕሮግራሙ ከክምችት የሚቀንሰው ደንበኛው በጻፈው ተራ ስለነበር፣ የመጀመሪያው ትራንዛክሽን የስኳርን ረድፍ፣ ሁለተኛው የዘይትን ረድፍ ይቆልፋል፤ ቁልፉም የሚለቀቀው ትራንዛክሽኑ ሲያበቃ ብቻ ነው። ከዚያ እያንዳንዱ ሌላው የያዘውን ይጠይቃል፣ ሁለቱም ይቆማሉ፤ ዴድሎክ የሚባለው ይኸው ነው። ፖስትግሬስ አንድ ትራንዛክሽን ቁልፍ ሲጠብቅ 1 ሴኮንድ ካለፈው (`deadlock_timeout` ካልተቀየረ በስተቀር) ሁኔታውን ይመረምርና አንዱን ይሰርዛል፤ ሌላው ያልፋል። ስለዚህ የክምችቱ ቁጥር አልተዛባም፤ በዚህ ረገድ ዳታቤዙን የምወቅስበት ምክንያት የለኝም።

በሁለቱ ቁልፎች መካከል ያለው ጊዜ እጅግ አጭር በመሆኑ፣ ትዕዛዝ በሚያንስበት ሰዓት ሁለቱ አይገጣጠሙም። ሻጮቹ መጀመሪያ ያቀረቡልን መፍትሔ የበለጠ አቅም ያለው ሰርቨር መግዛት ነበር፤ ይህ ግን አጋጣሚውን ይቀንሰው እንደሆነ እንጂ አያጠፋውም። የሠራው መፍትሔ ወጪ የሌለው ነው፦ ማንኛውም ትዕዛዝ፣ ደንበኛው በየትኛውም ተራ ቢጽፈው፣ ረድፎቹን አስቀድሞ በመለያ ቁጥራቸው ቅደም ተከተል ይቆልፋል። የሁለቱ ዕቃዎች መለያ ቁጥር 17 እና 42 ነው እንበል፦

```sql
SELECT id FROM products
WHERE id IN (42, 17)
ORDER BY id
FOR NO KEY UPDATE;
```

አሁን ሁለቱም መጀመሪያ የሚጠይቁት 17ን ስለሆነ፣ የዘገየው 42ን ሳይዝ ወረፋውን ይጠብቃል። በተጨማሪም ፕሮግራሙ `40P01` የሚለውን የስህተት ኮድ ሲያገኝ ትራንዛክሽኑን ከመነሻው ጀምሮ በራሱ ይደግመዋል። የመጨረሻውን የSQL መስመር ብቻ መድገም አይጠቅምም፤ ቀደም ብሎ በዚያው ትራንዛክሽን የተሠራው ሁሉ አብሮ ተሰርዟልና።

ከማሻሻያው በኋላ የባለሱቆቹ አቤቱታ ቆሟል፤ ስህተቱ ግን ከሎጉ ፈጽሞ አልጠፋም። ቅደም ተከተሉ የሚጠቅመው እነዚያን ረድፎች የሚነካው ኮድ ሁሉ ሲያከብረው ነው፤ የብዙ ዕቃዎችን ዋጋ በአንድ ጊዜ የሚቀይረው ገጽ ደግሞ እስካሁን በራሱ ተራ ነው የሚሠራው። ገጹ እስኪስተካከል ድረስ ዋጋ የምንቀይረው ጠዋት፣ ትዕዛዝ መግባት ከመጀመሩ በፊት ነው።