«በፈለጋችሁት ቀለም ቀይረን እንሰጣለን» ለሚሉ ፎቶ ኤዲተሮች ብር ከመላካችሁ በፊት

በቴሌግራም ልብስ የምትሸጡ እህት ወንድሞች፣ እኔ የከሰርኩበት ነገር እናንተንም ሳይነካችሁ ይህን አንብቡልኝ። የሰውየውን ስም አልጠራም። እንደሱ የሚሠሩ ብዙ ናቸው፤ አሠራሩን ካወቃችሁ ሁሉንም ትለዩአቸዋላችሁ።

ለጥር ሰርግ የሚዜ ቀሚስ አስመጥቼ ነበር። ሳቲን ነው፣ ደረቱ ላይ ወርቃማ ጥልፍ አለው፣ በ5 ቀለም ነው የመጣው። ሞዴሏን አምስቱንም እያስለበስኩ ማስነሳት ውድ ስለሆነብኝ ውሃ ሰማያዊውን ብቻ አስነሳሁና 6 ፎቶ መረጥኩ። ወይን ጠጁን፣ ጥቁር አረንጓዴውን፣ ጥቁሩንና ክሬሙን ኤዲተሩ ከነዚያው ፎቶዎች ሊያወጣልኝ ተስማማን። 24 ፎቶ፣ አንዱ በ150 ብር፣ በድምሩ 3,600 ብር፣ ቅድሚያ ክፍያ። በማግስቱ አስረከበኝ። በስልኬ ሳየው አምሮኝ ወዲያው ለጠፍኩት።

አምስት ሚዜዎች ወይን ጠጁን አዘዙ። ዕቃው በደረሳቸው ቀን ሙሽራዋ ደወለች፦ «እኛ ያየነው ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው፤ የላክሽልን እኮ ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ ነው!» ቀሚሱ ልክ ነበር፤ የዋሸው ፎቶው ነው። አምስቱንም መለስኩ፣ የማድረሻውንም የመመለሻውንም እኔ ቻልኩ።

ከዚያ በኋላ ነው ሥራውን የሚያውቅ ጓደኛዬ ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ ጉዱን ያሳየኝ።

ፎቶሾፕ ውስጥ ቀለም የሚደረብባቸው የተለያዩ መንገዶች አሉ። ኤዲተሬ የተጠቀመው Color የሚባለውን ነው። ይህ መንገድ የቀለሙን ዓይነት ይቀይራል እንጂ የጨርቁን ድምቀት፣ ማለትም ምን ያህል የነጣ ወይም የጠቆረ መሆኑን፣ አይነካም። ውሃ ሰማያዊ ደግሞ ወደ ነጭ የተጠጋ ፈዛዛ ቀለም ነው። በዚያ ድምቀት ላይ ወይን ጠጅ ሲቀቡበት የሚወጣው ሮዝ ነው፤ ሌላ ሊሆን አይችልም። ጥቁር አረንጓዴዬም እንደ አዲስ የበቀለ ሣር ያበራ ነበር። ጥቁሩ በዚህ መንገድ ግራጫ ሆኖ ስለሚቀር፣ እሱን ዝም ብሎ በጥቁር ቀለም ሸፍኖታል፤ ቀሚሱ ከወረቀት ተቆርጦ ሞዴሏ ላይ የተለጠፈ ይመስላል። አንዲት እጥፋት የለችበትም።

ትክክለኛው መንገድ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቀሚሱ ብቻ በጥንቃቄ ይመረጣል፤ ይህን ማስክ ይሉታል። ቀጥሎ ሰማያዊው ይወጣለትና ጨርቁ ግራጫ ይሆናል፤ የሚቀረው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው። በዚያ ላይ አዲሱ ቀለም Multiply በሚባለው መንገድ ይደረባል። ስሙ እንደሚለው ማባዛት ነው። ስክሪን ላይ ቀለም ሁሉ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ይሠራል፤ የእያንዳንዳቸው ድምቀት ከ0 እስከ 255 ይቆጠራል። ግራጫው ብርሃን ያረፈበት ቦታ ላይ 220፣ እጥፋቱ ውስጥ 120 ነው እንበል። የምንፈልገው ወይን ጠጅ የቀይ መጠኑ 110 ከሆነ፣ 110 በ220 ተባዝቶ ለ255 ሲካፈል 95 ይሆናል፤ እጥፋቱ ውስጥ ደግሞ 52። ቀለሙ ጠቆረ፣ የብርሃንና የጥላው ልዩነትም አብሮት ቆየ። እጥፋቱ በዓይን ይታያል።

ጥቁር ላይ ግን ይህም ብቻውን አይበቃም። ጥቁሩን 30 ብለን ብናባዛ ብርሃኑ 26፣ ጥላው 14 ይሆናል። የ100 ልዩነት ወደ 12 ወረደ ማለት ነው፤ በስልክ ስክሪን ላይ እጥፋቱ ጠፋ። ስለዚህ ጎበዝ ኤዲተር ብርሃን ያረፈበትን ቦታ ለብቻው መልሶ ያነሳዋል። ሳቲን ከሆነ ይህ ለሁሉም ቀለም ያስፈልጋል። የሳቲን አንጸባራቂ መስመር የጨርቁ ቀለም ሳይሆን የስቱዲዮው መብራት ነው፤ ቀሚሱ ወይን ጠጅም ቢሆን እዚያ ቦታ ላይ ወደ ነጭ መጠጋት አለበት። ያ ሲጠፋ ሳቲኑ ተራ ጥጥ ይመስላል፤ ደንበኛ ደግሞ «ሳቲን ብለሽ ጥጥ» ትላለች።

ሌላው የታዘብኩት ማስክ አለመሥራቱን ነው። ፕሮግራሙን «ሰማያዊ የሆነውን ሁሉ ምረጥ» ብሎት አልፏል። ሰማያዊ ያልመሰሉት የጠቆሩ እጥፋቶች ሳይመረጡ ቀሩና ወይን ጠጁ ቀሚስ ብብቱ ሥር ሰማያዊ ነው። ነጩ ግድግዳ ላይ ያረፈው ቀዝቀዝ ያለ ጥላ ደግሞ ተመርጦ ሮዝ ሆነ። ከሞዴሏ አገጭ ሥርም ከሳቲኑ የተንጸባረቀ ሰማያዊ ብርሃን እንዳለ ነው። ይህን እኔም ሲነግሩኝ ነው ያየሁት፤ ካየሁት በኋላ ግን ዓይኔ ሌላ ነገር ማየት እምቢ አለ።

ኮምፒውተር የሌላችሁ በስልካችሁም መፈተን ትችላላችሁ። የመጀመሪያውንና የተቀየረውን ፎቶ ጋለሪ ውስጥ ከፍታችሁ ኤዲት በሚለው ሳቹሬሽኑን እስከ መጨረሻው ቀንሱ። ሁለቱም ጥቁርና ነጭ ይሆናሉ። ወይን ጠጁ ከውሃ ሰማያዊው በደንብ ጠቁሮ መታየት አለበት። ሁለቱ እኩል ከሆኑ የተደረበው Color ነው፤ ገንዘባችሁን ጠይቁ። ቀጥሎ አሳድጋችሁ ብብቱን፣ ትከሻ ላይ የወረደውን ፀጉርና ጥልፉን እዩ። ፀጉሩ ጫፍ ላይ የድሮው ቀለም መስመር ካለ ማስኩ በችኮላ የተሠራ ነው።

ዋጋውም ራሱን የቻለ ማታለያ ነው። ከባዱ ሥራ ማስኩ ነው፤ ለአንድ ፎቶ አንዴ ከተሠራ በኋላ አራቱም ቀለሞች የሚወጡት በዚያው ማስክ ነው። «ለማስኩ ይህን ያህል፣ ለእያንዳንዱ ቀለም ይህን ያህል» ብሎ የሚነግራችሁ ሰው በአብዛኛው ሥራውን የሚያውቅ ነው። የመጨረሻውን JPEG ብቻ ሳይሆን ሌየሮቹ፣ ማለትም በፎቶው ላይ የተደረቡት ንብርብሮች፣ ያልተጨፈለቁበትን PSD የሚባለውን የፎቶሾፕ ፋይልም እንዲያስረክብ ቀድማችሁ ተስማሙ። እኔ ስጠይቅ «አላስቀመጥኩትም» አለኝ፤ አሁን ሳስበው የሚያስቀምጠውም ነገር አልነበረውም።

ሙሉውን ከመክፈላችሁ በፊት ለአንድ ፎቶ ብቻ ከፍላችሁ በጥቁር አሠሩት። ሁሉም በክሬም የተሠራ ናሙና ነው የሚያሳያችሁ፤ ከውሃ ሰማያዊ ወደ ክሬም መሄድ ቀላል ስለሆነ ማንም ያሳምረዋል። ከጥቁር ተነስታችሁ ወደ ክሬም እንዲቀየርላችሁ ግን አትጠይቁ። ጥቁር ጨርቅ ፎቶው ውስጥ የያዘው የድምቀት ደረጃ ጥቂት ስለሆነ ሲያነጡት ይሰነጣጠቃል፣ ነጠብጣብም ይሞላዋል። ለማስነሳት ከቀለሞቻችሁ ፈዛዛውን ምረጡ፤ ግን ብርሃኑ በዝቶ እጥፋቱ ነጭ ሆኖ እንዳይጠፋ ፎቶ አንሺውን አስጠንቅቁት።

ሁለተኛው ኤዲተር ገና ብር ሳይቀበል የጠየቀኝ የሌሎቹን ቀሚሶች ጫፍ በዚያው ስቱዲዮ፣ በዚያው መብራት አንስቼ እንድልክለት ነው። ቀለሙን ከዚያ ለካ እንጂ ከጎግል አልፈለገም። ለ6ቱ ፎቶዎች አራት ቀን ፈጀበት፣ ከመጀመሪያውም በእጥፍ ከፈልኩ። ወይን ጠጁን ከዕቃው ጎን አስቀምጬ ሳየው ያው ነው። ጥቁሩን ግን እሱም «ይህን በኤዲቲንግ ከምናለፋው ሞዴሏን ብታስለብሻት ይሻላል» አለኝ፤ ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ አስነሳሁት።