የመስሚያ መሣሪያዬ ደህና ነው፤ ያስመረረኝ ቱቦው ነው

የመስሚያ መሣሪያዬን የሸጠልኝ ሰው ስለ ውስጡ ያልነገረኝ የለም። ጫጫታ እንዴት እንደሚቀንስ፣ ስንት ፕሮግራም እንዳለው አስረዳኝ፤ አቧራና ውሃ አያስገባም የሚለውን የአይፒ68 ምልክት ሳይቀር በጣቱ እየጠቆመ አሳየኝ። ከመሣሪያው ተነስታ በጆሮዬ ልክ ተቀርጾ ጆሮዬ ውስጥ እስከሚገባው ሞልድ ስለምትደርሰው ቱቦ ግን ትንፍሽ አላለም። ወራት ከተጠቀምኩበት በኋላ ስለዚህ ዕቃ የምጽፈው ቢኖር ስለዚያች ጣት ስለማታህል ቱቦ ነው። ሌላው እንደተባለው ሠርቷል፤ ብዙ የምለው የለኝም።

የእኔ ከጆሮ ጀርባ የሚቀመጠው ዓይነት ሲሆን ሞልዱ ጠንካራ አክሪሊክ ነው። የምኖረው ሙቀቱ በማይቀልበት፣ ንፋስ በተነሳ ቁጥር አቧራ ቤት በሚገባበት፣ የመስማት ባለሙያ ለማግኘት ደግሞ ረጅም መንገድ መሄድ ግድ በሆነበት ቦታ ነው። ይህን የምለው ክሊኒክ አጠገቡ ለሆነ ሰው የእኔ ምሬት የተጋነነ ሊመስለው ስለሚችል ነው። እሱ ጎራ ብሎ ቱቦውን አስቀይሮ ይመለሳል።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ሰላም ነበሩ። ከዚያ ማፏጨት መጣ። መጀመሪያ ምግብ ሳላምጥና አንገቴን ሳዞር ብቻ ነበር፤ እየቆየ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ዝም ብዬ ተቀምጬም ያፏጫል። ድምፁን ዝቅ ሳደርገው ይቆማል፤ ያኔ ደግሞ ሰው የሚለውን አልሰማም። ሻጩ ጋ ስደውል መልሱ አፉ ላይ ነበር፦ «ሞልዱ ሰፍቶብዎት ነው፣ ይምጡና አዲስ ልክ እንውሰድ።» አዲስ ልክ ማለት አዲስ ሞልድ፣ አዲስ ክፍያና አዲስ ጉዞ ማለት ነው። እኔ ሕፃን አይደለሁም፤ የልጅ ጆሮ ስለሚያድግ ሞልዱ በየጥቂት ወሩ ያንሰውና ይላላል፤ የአዋቂ ጆሮ ግን በዚህ ፍጥነት አይለወጥም። ሰውነቴም አልከሳም። ስለዚህ አልተዋጠልኝም።

ፉጨቱ የሚመጣው መሣሪያው አጉልቶ ወደ ጆሮ የላከው ድምፅ በሆነ ቦታ አምልጦ ተመልሶ ማይክሮፎኑ ውስጥ ሲገባ ነው። እንግዲህ ጥያቄው የሚያመልጠው የት ጋ ነው የሚል ብቻ ነው፤ ይህን ለማወቅ ደግሞ ጣት ይበቃል። መሣሪያውን አውልቄ፣ እንደበራ በእጄ ይዤ፣ የሞልዱን ጫፍ፣ ማለትም ድምፅ ወደ ጆሮ የሚወጣባትን ቀዳዳ፣ በጣቴ ጥብቅ አድርጌ ደፈንኩ። ሞልዱ አየር ማስገቢያ ሁለተኛ ቀዳዳ ካለው እሱም አብሮ መደፈን አለበት። በዚህ ጊዜ ፉጨቱ ቢቆም ኖሮ የሻጩ ነገር ልክ ሊሆን ይችል ነበር፤ ድምፁ የሚያመልጠው በሞልዱና በጆሮዬ መካከል ነው ማለት ነውና። ወይም ጆሮዬ በኩክ ተደፍኖ ድምፁን ይመልሰዋል ማለት ነው። አልቆመም። ቀጥዬ ቱቦውን ከመሣሪያው ላይ ነቀልኩና ከጆሮ ላይ የሚንጠለጠለውን መንጠቆ ጫፍ በጣቴ ደፈንኩ። ጸጥ አለ። መንጠቆው ተደፍኖም ቢያፏጭ ኖሮ ጉዳዩ የመንጠቆው ወይም የመሣሪያው የውስጥ ብልሽት ይሆንና የባለሙያ ሥራ ነበር። እኔ ጋ የቀረው በመካከል ያለው ቱቦ ብቻ ነው።

ቱቦውን ብርሃን ላይ አድርጌ ሳየው ቢጫ ሆኗል፤ ስጫነው እንደ ጭራሮ ደርቋል፤ መንጠቆው ላይ የሚገባበት አፉ ላይ ደግሞ ጥፍር ሲነካት የምትከፈት ስንጥቅ አለች። የሚሠራው ከፒቪሲ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩን ለስላሳ የሚያደርገው ማለስለሻ በሙቀት፣ በላብና በቆዳ ቅባት እየወጣ ሲሄድ ቱቦው ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ ደግሞም ያጥራል። ማጠሩ ነው ክፋቱ። ያጠረ ቱቦ ሞልዱን ቀስ በቀስ ወደ ላይና ወደ ውጭ ይጎትተዋል፤ የሞልዱ የላይኛው ክንፍ ከጆሮ እጥፋት ሥር ይወጣል፤ ያኔ በትክክል ልክ የተወሰደ ሞልድ እንኳ የሰፋ ይመስላል። ብዙ ሰው ሞልድ የሚያስቀይረው በዚህ ሳይሆን አይቀርም የሚል ጥርጣሬ አለኝ። ቱቦ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ መቀየር እንዳለበት ባለሙያዎች በተለምዶ የሚናገሩት ነገር ነው፤ በሙቀት ቦታ ወደ 3ቱ ይጠጋል። ይህን ሲሸጥልኝ መናገር ምን ያህል ትንፋሽ ይፈጅበት ነበር?

የሚፈለገው ቱቦ ቁጥር 13 ይባላል፤ የውስጥ ስፋቱ ከ2 ሚሊ ሜትር ትንሽ ያንሳል። (የእኔ ባትሪም ቁጥር 13 ነው፤ ሁለቱ ቁጥሮች ግን ምንም ዝምድና የላቸውም፤ በመልእክት ስታዝዙ ቱቦ ወይም ባትሪ ብላችሁ ጻፉ።) ሌላ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ቆርጦ መተካት ያጓጓል፤ ግን ግድግዳው ስስ ከሆነ ድምፅ በጎኑ ያመልጣል፣ የውስጥ ስፋቱ ከተለየም ድምፁ ይለወጣል። ትክክለኛው ቱቦ ከፋብሪካ ታጥፎ ይመጣል፤ አንዱ ክንድ አጭር፣ ሌላው ረጅም።

አሮጌውን ከመንቀሌ በፊት እጥፋቱ ወዴት እንደሚያይ ሞልዱ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ። ይህ ካልተደረገ መሣሪያው ከጆሮ ጀርባ መቀመጡ ቀርቶ ወደ ውጭ ይገለበጣል። አሮጌውን ከነቀልኩ በኋላ የሞልዱን ቀዳዳ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና አጥቤ አደረቅሁት። የአዲሱን ቱቦ አንድ ጫፍ በሰያፍ አሹዬ ቆረጥኩና ከሞልዱ ውጭ በኩል አስገባሁት፤ ሹሉ በጆሮ በኩል ብቅ ሲል በትንሽ ፒንሳ ይዤ እጥፋቱ የቀዳዳው አፍ ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ሳብኩት። በጆሮ በኩል የተረፈውን ከሞልዱ ጋር እኩል አድርጌ በምላጭ ቆረጥኩ፤ ትንሽ እንኳ ከተረፈ የጆሮ ቆዳ ይፍቃል። ሙጫ አላደረግሁም፤ ጠብቆ ይዟል። ሙጫ ቀዳዳውን ሊደፍነው፣ ቀጣዩንም ቅየራ መከራ ሊያደርገው ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የሚያስቸግረው ርዝመቱ ነው። በአሮጌው ልክ መቁረጥ አይሆንም፤ አሮጌው አጥሯልና። ሞልዱን ጆሮዬ ውስጥ አግብቼ ክንፉን በደንብ አስቀመጥኩ፤ መሣሪያውን ከጆሮዬ ጀርባ በቦታው አዋልኩና መስታወት ፊት ቆሜ ቱቦው መንጠቆው ጋ የሚደርስበትን ቦታ በእስክሪብቶ ነጥብ አደረግሁበት። ነጥቡ ላይ ሳይሆን መንጠቆው ላይ የሚገባበትን ያህል አስረዝሜ ቆረጥኩ። ሁለት ሚሊ ሜትር ካጠረ ሞልዱን ይጎትታል፤ ከረዘመ መሣሪያው ጆሮ ላይ ይንጠለጠላል፤ ስለዚህ አስረዝሞ ቆርጦ በጥቂት በጥቂቱ መቀነስ ይሻላል። ከዚያ ወዲህ ፉጨት የለም። አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ፦ ሞልዱ ለስላሳ ሲሊኮን ከሆነ ቱቦው ውስጥ በቀለበት ወይም በልዩ ማጣበቂያ ስለሚያዝ ስትጎትቱት ሞልዱ ሊቀደድ ይችላል። እሱን ለባለሙያ ተዉት።

ወደ አይፒ68 እንመለስ። ሻጩ ደጋግሞ ስለሚጠራው ነው። ምልክቱ የመሣሪያውን አካል ይመለከታል፤ ፈተናውም በንጹህ ውሃ እንጂ ጨው ባለው ላብ የሚደረግ አይደለም። ቱቦና ሞልድ እዚያ ውስጥ የሉም። ላብ ቱቦው ውስጥ ገብቶ ጠብታ ከሆነ ድምፁ ጭልጥ ብሎ ይጠፋል፤ ሞልዱ ሲንቀሳቀስ ተመልሶ ይመጣል። መድኃኒቱ ቱቦውን ከመንጠቆው ነቅሎ በትንሽ የጎማ መንፊያ ጠብታውን ማስወጣት ነው። በአፍ አትንፉት፤ ትንፋሽ ራሱ እርጥበት ነው። አቧራውን ደግሞ ማይክሮፎኑን ወደ ታች አዙሬ በደረቅ ብሩሽ እጠርገዋለሁ፤ ወደ ላይ ከተያዘ ብሩሹ አቧራውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

ባትሪው ላይም አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ከቱቦው ያነሰ ነው። «ሁለት ሳምንት ያገለግልዎታል» ተብዬ ነበር፤ ሐምሌም ይሁን መጋቢት ያን ያህል አይቆይልኝም። እነዚህ ባትሪዎች ዚንክ-ኤር ናቸው፤ ተለጣፊዋ ስትላጥ በትንንሽ ቀዳዳዎች አየር እየሳቡ ነው የሚሠሩት። በዚያው ቀዳዳ በደረቅ ሙቀት ውስጣቸው ያለው ውሃ ይተናል። መሣሪያው ቢጠፋም መትነኑ አይቆምም፤ ተለጣፊዋን መልሶ መለጠፍም አይረዳም። ስለዚህ ቆጥቤ ብጠቀም ይቆይልኛል ማለት እዚህ አይሠራም። ከላጥኩ በኋላ አየር እንዲስብ 5 ደቂቃ ያህል አቆየዋለሁ፤ ያልተላጡትን ደግሞ ቤቱ ውስጥ ቀዝቀዝ ባለው ጥላ አስቀምጣለሁ። ፍሪጅ ውስጥ አይደለም፤ ከዚያ ሲወጡ ጤዛ ይይዛሉ።

ማታ መሣሪያውን እርጥበት መጣጭ ሲሊካ ጄል ባለበት ጥብቅ ማሰሮ ውስጥ አሳድረዋለሁ፤ ባትሪውን ግን አውጥቼ ነው። ጄሉ የመሣሪያውን እርጥበት እንደሚመጠው ሁሉ የባትሪውንም ውሃ ይመጠዋል፤ ይህንንም የነገረኝ የለም። ባትሪውን የሚያወጣ ሰው ልጆች በማይደርሱበት ያስቀምጠው፤ ከተዋጠ የምግብ ቧንቧን ሊያቃጥል ስለሚችል ወዲያው ሐኪም ቤት ነው።

ታዲያ መልሼ እገዛዋለሁ ወይ? መሣሪያውን አዎ። ከዚያ ሻጭ ግን አልገዛም፤ ቢያንስ እንዳለፈው አልገዛም። ልክ በሚወሰድበት ቀን ከአንዱ ልክ ሁለት ሞልድ እንዲሠራልኝ፣ ለአንድ ዓመት የሚበቃ ቁጥር 13 ቱቦ እንዲሰጠኝ፣ አንዱንም አጠገቤ ሆኖ እያሳየኝ እንዲቀይረው ሳልጠይቅ ገንዘቤን አላወጣም። እሱ ስለ ፕሮግራሞቹ ይንገረኝ፤ እኔ የምጠይቀው ስለ ቱቦው ነው።