አዲስ አበባ ቤት አከራይታችሁ አሜሪካ ታክስ የምታሠሩ፣ ይቺን «ቅናሽ» ተጠንቀቁ

አሜሪካ እየኖራችሁ አዲስ አበባ ያለ ቤታችሁን የምታከራዩ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። የአንዲት ዘመዴን የ2024 ታክስ ወረቀት አይቼ ነው የምጽፈው። ታክስ ሠሪው «የኢትዮጵያ ገቢሽን በግማሽ አወርድልሻለሁ» ብሎ ከሌላው ሰው በላይ አስከፍሏታል።

ኪራዩ በወር 50,000፣ በዓመት 600,000 ብር ነው። ሰውየው ሁሉንም በዲሴምበር 31 ምንዛሪ፣ በ125 ብር ገደማ አካፍሎ 4,800 ዶላር ብሎ ሞላ። ብሩ ግን በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር የተለቀቀው ጁላይ 29 ነው፤ ከዚያ በፊት ዶላር ባንክ ቤት 57 ብር አካባቢ ነበር። የኪራይ ገቢ ደግሞ የሚመነዘረው ገንዘቡ በገባበት ጊዜ ዋጋ ነው። እስከ ጁላይ የገባላት 350,000 ብር ብቻውን 6,140 ዶላር ይመጣል። የቀረውን 250,000 ብር ለስሌት እንዲቀለን በ110 ብናካፍለው ሌላ 2,270 ገደማ። በድምሩ 8,400 ዶላር አካባቢ መሆን የነበረበት ነው እንግዲህ 4,800 የሆነው።

የዓመቱ መጨረሻ ምንዛሪ ከየት መጣ ካላችሁ፣ የሚያገለግለው ለኤፍባር ነው፤ ውጭ አገር ያለ የባንክ ሂሳባችሁ በድምሩ ከ10,000 ዶላር ሲያልፍ ለምትሞሉት። ለገቢ አይደለም። አይአርኤስ የራሱ የግድ የሚል ምንዛሪ የለውም፣ የታወቀ ምንጭ ይዛችሁ ሳትቀያይሩ ከተጠቀማችሁ ይቀበላል። በየወሩ እኩል ለሚገባ ኪራይ የዓመቱን አማካይ መጠቀምም ይቻላል። የዓመቱን ኪራይ ጃንዋሪ ላይ በአንድ ጊዜ ለተቀበለ ሰው ግን አማካዩ አይሆንም፤ የዚያን ቀን ዋጋ ነው የሚወስደው።

ይባስ ብሎ «የምንዛሪ ኪሳራ» ብሎ 3,340 ዶላር ከኪራይ ወጪዎቿ ጋር ጨምሮላታል። 350,000 ብሩ 6,140 ዶላር ነበር፣ አሁን 2,800 ሆኗል ባይ ነው። በመጀመሪያ ነገር ብሩ አልተመነዘረም፣ ባንክ ቁጭ ብሏል፤ ሳይመነዘር ወይም ወጪ ሳይደረግ ኪሳራ የለም። ተመንዝሮ ቢሆን እንኳ ለግል ጉዳይ የተቀመጠ ብር ከሆነ ኪሳራው አይቀነስም። ደግሞ ገቢውን በ125 አስልቶ ሲያበቃ ኪሳራውን ከ57 ተነስቶ መቁጠሩ ምን ይባላል? ያው አንድ የብር መውደቅ ሁለቴ ተቀነሰ ማለት ነው። ድፍረቱ!

አይአርኤስ ሲደርስበት ያልተከፈለውን ታክስ ከወለዱ ጋር ይጠይቃል፣ ከዚያም በላይ 20 በመቶ ቅጣት ሊጨምር ይችላል። የሚጠየቀውም የወረቀቱ ባለቤት ነው። ይህ ሰው ደግሞ ወረቀቱ ላይ ፊርማውንም፣ አይአርኤስ ለታክስ ሠሪዎች የሚሰጠውን የፒቲን ቁጥሩንም አላስቀመጠም፣ ከፍላችሁት የሚሠራ ሰው ሁለቱንም የማስቀመጥ ግዴታ አለበት። እሷ አሁን በ1040-ኤክስ ልታስተካክል ነው። እናንተ ከመፈረማችሁ በፊት የኪራይ ገቢ የሚሞላበትን ቅጽ፣ «ስኬጁል ኢ»ን አውጡና የኪራዩን ብር በተጻፈው ዶላር አካፍሉት። ለ2024 መልሱ 125 አካባቢ ከመጣ፣ አትፈርሙ።