ኮዴካቸውና የምስል መጠናቸው የተለያየ ቁራጮችን ለማገናኘት፦ LosslessCut፣ Shotcut ወይስ DaVinci Resolve?

ሦስት የሠርግ ቀረጻዎችን ወደ አንድ ፋይል ማገናኘት ያስፈልጋል እንበል። የመጀመሪያውና የመጨረሻው በስልክ H.265 በተባለ ኮዴክ፣ ማለትም ቪዲዮ በሚጨመቅበት ዘዴ፣ የተቀረጹ፣ የምስል መጠናቸው 1920 በ1080 የሆነ፣ በሰከንድ 30 ፍሬም ገደማ ያላቸው ናቸው፤ መካከለኛው ግን በቆየ ካሜራ በH.264፣ በ1280 በ720 እና በሰከንድ 25 ፍሬም የተቀረጸ ነው።

LosslessCut ምስሉን እንደገና ሳይጨምቅ ቁራጮቹን እንዳሉ ስለሚቀጥል ሥራውን በፍጥነት ይጨርሳል፣ ጥራትም አይቀንስም። ከአዘጋጁ ገጽ በነፃ ይወርዳል፤ በማይክሮሶፍትና በአፕል መደብሮች ግን ይሸጣል። በአንድ መሣሪያ፣ በአንድ ዓይነት ቅንብር ለተቀረጹ ቁራጮች ከእርሱ የተሻለ አላውቅም። ለእኛ ሦስት ቁራጮች ግን አይሆንም፤ ምክንያቱም ይህ ዘዴ ሁሉም ቁራጮች አንድ ኮዴክ፣ አንድ የምስል መጠንና አንድ የድምፅ አሠራር እንዲኖራቸው ይጠይቃል። አስቸጋሪው ነገር ፋይሉ ተሠርቶ መውጣቱና ደህና መምሰሉ ነው፤ ችግሩ የሚታየው መጋጠሚያው ላይ ሲደረስ፣ ድምፁ እየቀጠለ ምስሉ ሲቆም ወይም ሲበላሽ ነው። ሁለቱም ቁራጮች H.264 ቢሆኑ እንኳ የጨመቃቸው መሣሪያ ከተለያየ አንዱ ማጫወቻ ሲያሳያቸው ሌላው ሊያበላሻቸው ይችላል።

Shotcut ሙሉ በሙሉ ነፃ ሲሆን ሁሉንም ቁራጭ ፈትቶ በአንድ መልክ እንደገና ይጨምቃል። ጊዜ ይወስዳል፣ ጥራትም በጥቂቱ ይቀንሳል፤ ውጤቱ ግን አንድ ወጥ ፋይል ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ Video Mode በAutomatic ከተተወ ፕሮግራሙ መጠኑንና የፍሬም ብዛቱን ከመጀመሪያው ቁራጭ ይወስዳል፤ ስለዚህ የካሜራው ቁራጭ ቀድሞ ከገባ የስልኩ ምስል ሁሉ ወደ 720 ይወርዳል። ከማስገባት በፊት 1080ንና 30 ፍሬምን በእጅ መምረጥ ይገባል። ከ25 ወደ 30 ሲለወጥ በየሰከንዱ 5 ፍሬም ስለሚደገም፣ ካሜራው ወደ ጎን በዞረባቸው ቦታዎች እንቅስቃሴው ትንሽ ይንገጫገጫል፤ ከሦስቱ ሁለቱ 30 በመሆናቸው ግን ይህን መቀበል ይሻላል። 720ው ሲሰፋም አዲስ ዝርዝር አያገኝም፤ ከጎረቤቶቹ ደብዘዝ ብሎ ይታያል። የስልክ ቀረጻ የፍሬም ፍጥነት ስለሚለዋወጥ Shotcut ቁራጩን ለአርትዖት ወደሚመች መልክ ልለውጠው ብሎ ሲጠይቅ እሺ ማለት ድምፁ ከምስሉ እንዳይለያይ ይረዳል።

DaVinci Resolve ነፃ እትም አለው፤ Studio የተባለው ደግሞ 295 ዶላር ነው። ቀለም ማስተካከልም ለሚፈልግ ሰው ይጠቅማል፤ ለማገናኘት ብቻ መግዛት ግን ብክነት ይመስለኛል። የሊኑክስ ተጠቃሚ ደግሞ ይጠንቀቅ፤ ነፃው እትም በሊኑክስ ላይ የH.264ም ሆነ የH.265 ፋይሎችን አይከፍትም።

ስለዚህ ለዚህ ሠርግ Shotcutን እመርጣለሁ። ፋይሉ ከወጣ በኋላ ሙሉውን ማየት አያስፈልግም፤ ሁለቱን መጋጠሚያዎች፣ ከዚያም የመጨረሻውን ደቂቃ በስልክና በቴሌቪዥን ከፍቶ ከንፈርና ድምፅ አብረው መሄዳቸውን ማየት ይበቃል።